ለሌክቸር ቪዲዮ ሲአርኤፍ ስንት ይሁን? ከቁጥሩ በፊት ፕሪሴቱን ያስተካክሉ

«የአንድ ሰዓት ተኩል ሌክቸር በስልኬ ቀረጽኩ። ስልኩን ከክፍሉ ጀርባ ትሪፖድ ላይ ነው ያቆምኩት። ፋይሉ 11 ጊጋ ሆነ። ተማሪዎቼ የሚያወርዱት በቴሌግራም ስለሆነ ከ2 ጊጋ መብለጥ የለበትም። ላፕቶፔ ደካማ ስለሆነ ffmpeg ላይ ፕሪሴቱን ultrafast አድርጌ -crf 18 ስሰጠው 9 ጊጋ ወጣ። 30 ስሰጠው 1.3 ጊጋ ሆነ፤ ግን ሰሌዳው ላይ የጻፍኩት ደበዘዘ። አንዱ 18 ይላል፣ ሌላው 23፣ ሌላው 28። ትክክለኛው ስንት ነው? ቁጥሩስ የመቀነሻ ፐርሰንት ነው?»

ፐርሰንት አይደለም። የፋይል መጠንም አይደለም። ሲአርኤፍ ቪዲዮውን ለሚጨምቀው ፕሮግራም፣ ማለትም ለኢንኮደሩ፣ «ጥራቱን እዚህ ደረጃ ላይ ያዝልኝ፤ ለዚያ የሚያስፈልገውን ያህል ቦታ ውሰድ» ማለት ነው። ስለዚህ አንድ ዓይነት ቁጥር ለአንዱ ቪዲዮ 300 ሜጋ፣ እኩል ርዝመት ላለው ሌላ ቪዲዮ 3 ጊጋ ሊያወጣ ይችላል። ለሰው ሌክቸር የሠራው ቁጥር ለእርስዎ ያልሠራው ለዚህ ነው። ጓደኞችዎ አልዋሹም፤ እያንዳንዳቸው የራሳቸውን ቪዲዮ ቁጥር ነው የነገሩዎት።

ffmpeg በሚጠቀመው libx264 በተባለው ኢንኮደር ቁጥሩ ከ0 እስከ 51 ይሄዳል። ሲያንስ ጥራቱ ይጨምራል፣ ፋይሉም ይገዝፋል። ምንም ካልጻፉ 23ን ይወስዳል። 18 አካባቢ አብዛኛው ሰው ከዋናው መለየት የማይችልበት ነው ተብሎ ይታሰባል። 0ን ግን እንዳይሞክሩት። ምንም ሳይጥል ያስቀምጣል፤ ፋይሉ ከዋናው በላይ ሊያብጥ ይችላል። ብዙ ስልክ የማያጫውተው ዓይነትም ይሆናል።

በግምት ቁጥሩ ላይ 6 ሲጨመር መጠኑ ግማሽ ይሆናል። ይህን ይዘን የእርስዎን ውጤት እንየው። ከ18 እስከ 30 ድረስ 12 አለ፤ ሁለት ጊዜ 6 ማለት ነው። 9 ጊጋው ሁለት ጊዜ ሲገመስ ወደ 2.2 ጊጋ ይመጣል። እርስዎ ያገኙት ግን 1.3 ነው። ያ ልዩነት የሆነ ነገር ይናገራል። 18 ላይ ፋይሉን የሞላው ሌክቸሩ ብቻ አልነበረም።

ፕሮጀክተሩ እንዲታይ የክፍሉን መብራት ቀንሰው ከሆነ፣ የስልክ ካሜራ በደብዛዛ ብርሃን ግድግዳው ላይ የሚርመሰመሱ ጥቃቅን ነጠብጣቦች ይፈጥራል። ኖይዝ የሚባለው ይህ ነው። ቪዲዮውን አቁመው ግድግዳውን በጣም አቅርበው ቢያዩት ያገኙታል። ዓይናችን ቶሎ ይለምደዋል፣ ኢንኮደሩ ግን አይለምደውም። የቪዲዮ ማሳነሻ ዋናው ዘዴ ካለፈው ፍሬም ያልተለወጠውን ነገር ደግሞ አለመጻፍ ነው። ጸጥ ብሎ የቆመ ግድግዳ ምንም ቦታ መብላት የለበትም። ነጠብጣቡ ግን በየፍሬሙ ቦታ ይቀይራል፤ ስለዚህ ኢንኮደሩ ግድግዳውን በሰከንድ 30 ጊዜ እንደ አዲስ ያየዋል። 18 ሲሰጡት «ይህን ሁሉ በታማኝነት አስቀምጥ» ብለውታል። እሱም አስቀምጧል። 9 ጊጋው ከሞላ ጎደል የግድግዳ ነጠብጣብ ነው ብል ብዙ አላጋነንኩም።

30 ላይ ደግሞ ነጠብጣቡን ጣለው። ጥሩ ነው፤ ግን አብሮ ጽሑፉን ጎዳው። እዚህ ላይ ጥፋቱ የ30 ብቻ አይደለም፤ ይልቁንም የ ultrafast ነው።

ፕሪሴት የፍጥነት ጉዳይ ብቻ ይመስላል። «ultrafast ቶሎ ይጨርሳል፣ ፋይሉ ትንሽ ይተልቃል፣ ጥራቱን ግን የሚወስነው ሲአርኤፉ ስለሆነ ያው ነው» ብለው የሚያስቡ ብዙ ናቸው። ስህተት ነው። ultrafast ፍጥነቱን የሚያገኘው የ libx264ን ዋና ዋና ብልሃቶች እየዘጋ ነው። ከሚዘጋቸው አንዱ mbtree የሚባለው ነው። ይህ መሣሪያ ወደፊት ያሉትን ፍሬሞች አስቀድሞ አይቶ «ይህ የምስሉ ክፍል ሳይለወጥ ረጅም ጊዜ ይቆያል፤ ስለዚህ አሁን በደንብ ላስቀምጠው፣ ከዚያ በኋላ ያሉት ፍሬሞች ሁሉ ከዚህ ይቀዳሉ» ብሎ ይወስናል። ለሌክቸር ከዚህ የበለጠ የሚሆን ነገር የለም። ሰሌዳዎ ላይ የጻፉት ቀመር አምስት ደቂቃ እዚያው ይቆማል። mbtree ሲሠራ ለዚያ ጽሑፍ ተጨማሪ ጥራት ይመደብለታል፤ የሚንቀሳቀሰው እጅዎና ሸሚዝዎ ደግሞ ትንሽ ይቀነስባቸዋል። ማንም አያስተውለውም፣ ምክንያቱም ተማሪው የሚያነበው ሰሌዳውን ነው።

ultrafast ሌላም ይዘጋል። በምስሉ ውስጥ ጸጥ ላሉና ስስ ዝርዝር ላላቸው ቦታዎች ጥራት የሚያከፋፍለውን ይዘጋል። ኢንኮደሩ ምስሉን በሚከፋፍልባቸው ካሬዎች መካከል የሚፈጠረውን መስመር የሚያለሰልሰውንም ይዘጋል። የእርስዎ ጽሑፍ የደበዘዘው ይህ ሁሉ ተዘግቶ፣ በዚያ ላይ 30 ተጨምሮበት ነው። ያንኑ 30 በ slow ቢሞክሩት ጽሑፉ በግልጽ ተሽሎ ያገኙታል፤ ቢሆንም 30ን ለሰሌዳ አልመክርም።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ይህ ነው። መጀመሪያ ፕሪሴት ይምረጡና አይንኩት። ከዚያ ቁጥሩን ይፈልጉ። ፕሪሴት በቀየሩ ቁጥር ያው ሲአርኤፍ ሌላ መጠንና ትንሽ ሌላ ጥራት ይሰጣል፤ ፍለጋው ከእንደገና ይጀመራል።

የትኛውን ፕሪሴት? ላፕቶፑ ከቻለ slow። አሥራ አምስት ተማሪም ይሁን መቶ ተማሪ የሚያወርደውን ፋይል አንዴ ነው የሚሠሩት፤ ሌሊቱን ቢሠራ ችግር የለውም። ffmpeg እየሠራ እያለ ከታች speed= የሚል ቁጥር ያሳያል። 0.5x ካለ የ90 ደቂቃው ቪዲዮ ሦስት ሰዓት ይወስዳል ማለት ነው። 0.2x ከሆነና መታገሥ ካልቻሉ ወደ medium፣ ካልሆነም ወደ faster ይውረዱ። የመጨረሻው ወለል veryfast ነው። ከእሱ በታች ያሉት superfast እና ultrafast ሁለቱም mbtreeን ይዘጋሉ፤ ለሌክቸር አይሆኑም።

ቀጥሎ ነጠብጣቡን እናስታግስ። ffmpeg ውስጥ hqdn3d የሚባል ማጣሪያ አለ። አራት ቁጥሮች ይቀበላል። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ በአንድ ፍሬም ውስጥ ጎን ለጎን ያለውን ያለሰልሳሉ፤ የኋለኞቹ ሁለቱ ደግሞ በተከታታይ ፍሬሞች መካከል ያለውን ያለሰልሳሉ። ለእርስዎ የሚጠቅሙት የኋለኞቹ ናቸው። ስልኩ ትሪፖድ ላይ ስለቆመ ግድግዳውና ሰሌዳው ቦታቸውን አይለቁም፤ ፍሬሞቹን ማስማማት ነጠብጣቡን ይገድላል፣ ፊደሉን ግን አይነካም። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ከፍ ካደረጓቸው ግን የማርከሩ ቀጭን መስመር አብሮ ይሟሟል። ስለዚህ 1:1:4:4 ይጠቀሙ። በጣም ከፍ ሲል እጅዎ ሲንቀሳቀስ ጥላ የመሰለ ነገር ይከተለዋል፤ ያ ከታየ የኋለኞቹን ወደ 3 ያውርዱ። ስልኩ በእጅ ተይዞ የተቀረጸ ቢሆን ኖሮ ይህን ማጣሪያ አልመክርም ነበር።

አሁን ወደ ቁጥሩ። ሙሉውን ቪዲዮ እየደጋገሙ መሥራት የጊዜ ብክነት ነው። አንድ ደቂቃ ቆርጠው ይሞክሩ። ግን የትኛዋ ደቂቃ እንደሆነች ወሳኝ ነው። መግቢያ ላይ ስም ሲጠሩ የነበረውን አይውሰዱ። ሰሌዳው በጽሑፍ የሞላበትን፣ እርስዎም ከፊቱ የሚንቀሳቀሱበትን፣ ቢቻል ስላይድ የሚቀየርበትን ይፈልጉ። 31ኛው ደቂቃ ላይ እንደዚያ ያለ ቦታ አለ እንበል።

```
ffmpeg -ss 00:31:00 -t 60 -i lecture.mp4 -an -vf hqdn3d=1:1:4:4 -c:v libx264 -preset slow -crf 23 -pix_fmt yuv420p t23.mp4
```

`-an` ድምፁን ይተወዋል፤ የሚለካው ቪዲዮው ብቻ እንዲሆን ነው። `-ss` ከ `-i` በፊት መምጣቱ ወደ ቦታው ቶሎ እንዲዘል ያደርገዋል። ይህንኑ ትእዛዝ ቁጥሩን ወደ 20፣ 26 እና 29 እየቀየሩ፣ የፋይሉንም ስም እየቀየሩ ይድገሙት። አራት አጫጭር ፋይሎች ይኖርዎታል።

የእያንዳንዱን መጠን በ90 ያባዙ። ለማሳያ ያህል t20 38 ሜጋ፣ t23 21 ሜጋ፣ t26 12 ሜጋ፣ t29 ደግሞ 7.5 ሜጋ ቢሆኑ፣ ሙሉው ሌክቸር በቅደም ተከተል ወደ 3.4 ጊጋ፣ 1.9 ጊጋ፣ 1.1 ጊጋ እና 675 ሜጋ ይሆናል። የእርስዎ ቁጥሮች ሌላ ይሆናሉ፤ አሠራሩ ግን ያው ነው። የመረጧት ደቂቃ ከበድ ያለች ስለሆነች እውነተኛው ውጤት ብዙውን ጊዜ ከዚህ ግምት ያንሳል፤ ጸጥ ያሉ ደቂቃዎች ያካክሱታል።

ከዚያ በዓይን ማወዳደር ነው። ከዋናውና ከአጫጭሮቹ አንድ ዓይነት ቅጽበት ምስል ያውጡ። ለምሳሌ፦

```
ffmpeg -ss 00:31:20 -i lecture.mp4 -frames:v 1 f0.png
ffmpeg -ss 20 -i t26.mp4 -frames:v 1 f26.png
```

ሁለቱን ምስሎች በእውነተኛ መጠናቸው ከፍተው ወዲያና ወዲህ እየቀያየሩ ይዩ። ጎን ለጎን ማስቀመጥ አይበቃም፤ ዓይን ያታልላል። በአንድ ቦታ ላይ ሲቀያየሩ ግን የጠፋው ነገር ብልጭ ብሎ ይታያል። ፊትዎን ወይም ሸሚዝዎን አይዩ። ሰሌዳው ላይ ያለውን ትንሹን ጽሑፍ ይዩ። በአማርኛ ከጻፉ ሱ እና ሲን ይፈልጉ። ልዩነታቸው አንዷ አጭር ጭረት መሃል ላይ መሆኗ ወይም ግርጌ ላይ መሆኗ ነው። ከክፍሉ ጀርባ የተቀረጸ ቪዲዮ ላይ ያቺ ጭረት ጥቂት ፒክስል ብቻ ናት። ሂሳብ ከሆነ ደግሞ የመቀነስ ምልክትንና ከታች የሚጻፉ ትናንሽ ቁጥሮችን ይመልከቱ። መጀመሪያ የሚሞቱት እነዚህ ናቸው። በእነዚህ ላይ ካለፈ በሌላው ላይም ያልፋል።

አንድ ጥንቃቄ ግን አለ። ጭረቷ ዋናው ምስል ላይም ከሌለች በየትኛውም ሲአርኤፍ አትመጣም። ስልኩ ያልያዘውን ኢንኮደር አይፈጥረውም። ያኔ መፍትሔው ቁጥር ማሳነስ ሳይሆን በሚቀጥለው ጊዜ ስልኩን ሁለት ረድፍ ወደፊት ማምጣት ነው።

የቆመ ምስል ብቻም አይበቃም፤ አጭሩን ፋይል ያጫውቱት። የቆመ ምስል ላይ የማይታይ አንድ ችግር አለ። ሰሌዳው ጸጥ ብሎ ቆሞ እያለ በየስምንት ሰከንዱ ገደማ ጽሑፉ ወይም ግድግዳው «እልም» ብሎ እንደገና ይጠራል። ካላወቁት የስልኩ ችግር ይመስልዎታል። ምክንያቱ ይህ ነው፦ libx264 ቢበዛ በየ250 ፍሬሙ አንድ ሙሉ ፍሬም ከባዶ ይጽፋል። በሰከንድ 30 ፍሬም ከሆነ ያ ስምንት ሰከንድ ከትንሽ ይሆናል። ሲአርኤፉ ከልክ በላይ ከፍ ሲል አዲሱ ሙሉ ፍሬም ከቀዳሚው ጋር በትክክል አይገጥምም፤ ዓይን ያንን ዝላይ ይይዛል። ለአንድ ደቂቃ ምንም አይደለም። አንድ ሰዓት ተኩል ለሚያይ ተማሪ ግን ያደክማል። ይህን ካዩ ቁጥሩን በ1 ወይም በ2 ያውርዱት። ሙሉ ፍሬሞቹን በ `-g 600` ማራራቅም ይቻላል፤ ዋጋው ግን ተማሪው ወደፊትና ወደኋላ ሲዘል መዘግየቱ ነው። ሌክቸር ደግሞ እየዘለሉ የሚታይ ነገር ስለሆነ እኔ አልነካውም።

ሙከራውን በላፕቶፕዎ ብቻ አይፍረዱት። t26ን ወደ ስልክ ልከው እዚያ ይዩት፤ ከተማሪዎችዎ ብዙዎቹ የሚያዩት በዚያ ነው። ትንሽ ስክሪን ብዙ ጉድለት ይደብቃል፤ ነገር ግን ተማሪው ጽሑፍ ሲፈልግ በሁለት ጣቱ ያሰፋዋል። ስለዚህ እርስዎም አስፍተው ይዩ።

ጥራት በቁጥር የሚለኩ መሣሪያዎችም አሉ፤ ffmpeg ውስጥ ssim እና libvmafን ያገኛሉ። ለሰሌዳ ቪዲዮ እነሱን ብቻ ማመን አደገኛ ነው። የሚሰጡት የሙሉው ምስል አማካይ ነው። ትንሹ ጽሑፍ ከምስሉ በጣም ጥቂት ቦታ ይይዛል፤ እሱ ተበላሽቶ ግድግዳው ሰላም ከሆነ ውጤቱ ያማረ ሆኖ ይወጣል።

እንግዲህ የእኔ ምክር። ለእርስዎ ሁኔታ፣ ማለትም 1080 ቪዲዮ፣ በማርከር የተጻፈ ሰሌዳ፣ ደብዘዝ ያለ ክፍል፣ የቆመ ስልክ፣ ፕሪሴት slow፣ ከላይ ያለው ማጣሪያ፣ ሲአርኤፍ 24። ሙከራው 26 ላይም ጭረቷን ካሳየዎት 26 ይውሰዱ። ለሰሌዳ ከ26 በላይ አይሂዱ። ከ22 በታችም አይውረዱ፤ ከዚያ በታች የሚከፍሉት ለነጠብጣቡ ነው እንጂ ለጽሑፉ አይደለም።

28ን የነገረዎት ሰው የስክሪን ቅጂ ሠርቶ ሊሆን ይችላል። ከኮምፒውተር ስክሪን በቀጥታ የተቀዳ ስላይድ ነጠብጣብ የለውም፣ አይንቀሳቀስም፣ ፊደሉም ትልቅና ጥርት ያለ ነው። እዚያ 27 ወይም 28 በ slow ያለ ችግር ያስኬዳል። ወይም ደግሞ libx265ን ተጠቅሞ ይሆናል። የዚያ ኢንኮደር መነሻ ቁጥር 28 ሲሆን፣ በጥራት ከ libx264 23 ጋር ይቀራረባል ተብሎ ይታሰባል፤ ፋይሉም ያንሳል። የሁለቱ ቁጥሮች አንድ መለኪያ አይደሉም፤ አንዱን ለሌላው መጠቀም አይቻልም። libx265 ለእርስዎ አልመርጠውም። ደካማ ላፕቶፕ ላይ በጣም ይዘገያል፤ አሮጌ ስልክ የያዘ ተማሪ ላይም ይንተባተባል፣ ባትሪም ይበላል። ግማሹ ተማሪ የማያየው ትንሽ ፋይል ጥቅም የለውም።

ላፕቶፕዎ የኤንቪዲያ ግራፊክስ ካርድ ካለውና h264_nvenc ተጠቀም የሚል ምክር ከደረሰዎት፣ እሱ `-crf`ን አያውቅም። ffmpeg አማራጩ ጥቅም ላይ አልዋለም የሚል ማስጠንቀቂያ ጽፎ ሥራውን ይቀጥላል፤ ማስጠንቀቂያውን ካላነበቡ 20 ቢጽፉም 30 ቢጽፉም ያው ፋይል ነው የሚወጣው። የእሱ አማራጭ `-cq` ነው፤ ቁጥሩም በራሱ ሙከራ ነው የሚገኘው። ፍጥነቱ እውነት ነው። ግን በእኩል ጥራት ፋይሉ ከ libx264 slow ይተልቃል፤ የእርስዎ ችግር ደግሞ መጠን ነው።

ስለ ድምፅ በአጭሩ። የስልኩ ድምፅ በሰከንድ 192 ኪሎቢት ከሆነ በ90 ደቂቃ 130 ሜጋ ገደማ ይወስዳል። ለአንድ ሰው ንግግር 96 ኪሎቢት በአንድ ቻናል ከበቂ በላይ ነው፤ 65 ሜጋ ይሆናል። ድምፁን ከዚህ በታች አይጨቁኑት። ተማሪ ከደበዘዘ ምስል ይልቅ በማይሰማ ድምፅ ነው ቶሎ ተስፋ የሚቆርጠው።

የፍሬም ብዛትን ከ30 ወደ 15 መቀነስ ብዙ ሰው ይመክራል። ግማሽ ፍሬም ግን ግማሽ መጠን ማለት አይደለም። ሳይለወጡ የሚደጋገሙት ፍሬሞች መጀመሪያም ብዙ ቦታ አልያዙም። ለስላይድ ብቻ ይሁን፤ ሰሌዳ ላይ ሲጽፉ ግን እጅዎ ይቆራረጣል፣ አፍዎና ድምፅዎም የተለያዩ ይመስላሉ። ይተዉት። ምስሉን ወደ 720 ማሳነስም ጭረቷን ከሲአርኤፍ የበለጠ ስለሚገድላት ለሰሌዳ የመጨረሻ አማራጭ ነው። ስልኩ 4ኬ ቀርጾ ቢሆን ኖሮ ግን ወደ 1080 ማውረድ ትክክል ይሆን ነበር።

ሙሉው ትእዛዝ ይህ ነው፦

```
ffmpeg -i lecture.mp4 -vf hqdn3d=1:1:4:4 -c:v libx264 -preset slow -crf 24 -pix_fmt yuv420p -c:a aac -b:a 96k -ac 1 lecture_small.mkv
```

ውጤቱን ለምን mkv አደረግኩት? mp4 ስለ ፋይሉ ይዘት የሚናገረውን ማውጫ የሚጽፈው ሥራው ሲያልቅ ነው። ሦስተኛው ሰዓት ላይ መብራት ቢጠፋና ባትሪው ባይችል፣ ያልተጨረሰው mp4 ጨርሶ አይከፈትም። mkv ግን እስከደረሰበት ድረስ ይከፈታል፤ ቢያንስ ጥራቱንና የመጣበትን መጠን አይተው መወሰን ይችላሉ። ሲያልቅ ወደ mp4 ማዛወር ብዙም ጊዜ አይወስድም፤ ምስሉን እንደገና ስለማይጨምቅ ጥራቱም አይነካም።

```
ffmpeg -i lecture_small.mkv -c copy -movflags +faststart lecture_small.mp4
```

`-movflags +faststart` ያንን ማውጫ ወደ ፋይሉ መጀመሪያ ያመጣዋል፤ ቪዲዮው ሙሉ በሙሉ ሳይወርድ መጫወት እንዲጀምር ይረዳል።

`-pix_fmt yuv420p` የገባው የአንዳንድ ስልኮች ቪዲዮ 10 ቢት ስለሆነ ነው፤ እንዳለ ካለፈ ብዙ ስልክ አያጫውተውም። ስልክዎ ኤችዲአር በርቶበት ቀርጾ ከሆነ ግን ቀለሙ የነጣ ሆኖ ሊወጣ ይችላል። በሙከራዋ ደቂቃ ላይ ይታወቅዎታል። በሚቀጥለው ሌክቸር ከመቅረጽ በፊት ኤችዲአሩን ያጥፉት። ቀይ ማርከርም የሚጎዳው በዚህ ቦታ ነው። yuv420p ቀለምን ከብሩህነት ባነሰ ዝርዝር ስለሚያስቀምጥ፣ በቀይ የተጻፈ ትንሽ ጽሑፍ ከጥቁሩ ቀድሞ ይደበዝዛል። ሲአርኤፉን 18 ቢያደርጉትም ይህ አይስተካከልም። ዋናውን ነገር በጥቁር ወይም በጥቁር ሰማያዊ ይጻፉ።

ሲአርኤፍ የማይሠራበት አንድ ቦታ አለ፤ መጠኑ በትክክል ሲወሰን። «1.5 ጊጋ መሆን አለበት፣ ከዚያ አንዲት ሜጋ አትበልጥም» ከተባሉ በሁለት ዙር የሚሠራውን የቢትሬት ስሌት ይጠቀሙ። 1.5 ጊጋ ለ5400 ሰከንድ ሲካፈል ወደ 2200 ኪሎቢት ይመጣል፤ ድምፁን ቀንሰው ለቪዲዮው 2100 ይስጡት። የእርስዎ ግን ጣሪያ ብቻ ነው፤ ከ2 ጊጋ በታች ምንም ቢሆን ያልፋል። ስለዚህ ሲአርኤፍ ይበቃዎታል። 24 ላይ ከጣሪያው ካለፈ ወደ 26 ይሂዱ። 26 ላይም ካለፈ ጥራቱን አይሠዉ፤ ሌክቸሩን እረፍት በወጡበት ቦታ ለሁለት ይክፈሉት። 45 ደቂቃ ለማውረድም ይቀላል፣ ሲቋረጥም የሚጠፋው ያንሳል።

ያነሰውን ፋይል መልሰው አያሳንሱ። 24 ላይ የወጣውን ወስደው በ26 ቢያሠሩት፣ በቀጥታ ከዋናው በ26 ከወጣው ይብሳል። ሁለተኛው ኢንኮደር የመጀመሪያውን ጉድለት እንደ እውነተኛ ምስል አድርጎ ለመያዝ ይደክማል። ሁልጊዜ ከ11 ጊጋው ይነሱ። በዚሁ ምክንያት ከዙም ያወረዱትን ቅጂ በ18 ቢያሠሩት ከዋናው የበለጠ ትልቅ ፋይል ሊወጣ ይችላል፤ እሱ አስቀድሞ በደንብ የተጨመቀ ነውና እንዳለ ይላኩት።

ዋናውን ከማጥፋትዎ በፊት የሁለቱን ርዝመት ያስተያዩ፤ እኩል መሆን አለባቸው። መጀመሪያው፣ መሃሉና የመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች ላይ ድምፁ ከአፍዎ ጋር መግጠሙን ያዳምጡ። ስልኮች የፍሬም ፍጥነታቸውን በመሃል ስለሚለዋውጡ፣ መንሸራተት ካለ መጨረሻ ላይ ነው የሚታወቀው። ቴሌግራም ላይ ሲልኩትም ከስልክ ከሆነ እንደ ቪዲዮ ሳይሆን እንደ ፋይል ይላኩት። እንደ ቪዲዮ ከተላከ መተግበሪያው ራሱ እንደገና ሊጨምቀው ይችላል፤ ያኔ ሌሊቱን ሙሉ የተጠበቀችው ጭረት እዚያ ትጠፋለች።